ነርሶች ወደ ውጭ በሚልኩት የማመልከቻ ኢሜይል ላይ «ተረጋግጧል» ማለት የሚችሉት መቼ ነው?

«ዲግሪዬን ውጭ ጉዳይ አስመትቻለሁ። ለሆስፒታሉ በምልከው ኢሜይል ላይ ‹ተረጋግጧል› ብዬ ልጻፍ?»

አይቻልም! ባሕር ዳር ውስጥ ወደ ውጭ ለመሄድ ከሚዘጋጅ ነርስ ጋር ቡና በጠጣሁ ቁጥር ይሄው ነው የምሰማው። ደላላው ነግሯቸው አምነውታል። የውጭ ጉዳይ ማህተም የሚመሰክረው ወረቀቱ ላይ ላለው ፊርማና ማህተም ብቻ ነው። ስለ ትምህርታችሁ ውጭ ጉዳይ ኮሌጃችሁን አልጠየቀም።

ለሳዑዲ፣ ለዱባይ ወይም ለኳታር ስታመለክቱ ይህን የሚያጣራው ዳታፍሎው የሚባል ድርጅት ነው። እሱ ያስመረቃችሁን ኮሌጅ፣ ፈቃድ የሰጣችሁን መሥሪያ ቤትና የሠራችሁበትን ሆስፒታል ራሱ ይጠይቃል። መልሱም በቀጥታ ወደ እሱ ይሄዳል፤ በእናንተ እጅ አያልፍም። ስለዚህ ሪፖርቱ እስኪወጣ «ማጣራቱ ተጀምሯል» ብላችሁ የማመልከቻ ቁጥሩን ጻፉ። ገና ካልጀመራችሁም «አልጀመርኩም» በሉ። ቀጣሪ ይህን አይጠላም፤ የሚጠላው ቆይቶ ውሸት ሆኖ ሲያገኘው ነው።

እዚሁ ከተማ የማውቃት ነርስ ሰኔ 2009 ተመርቃ መስከረም 2010 ክሊኒክ ተቀጠረች። ዲግሪዋ ላይ የተጻፈው በፈረንጆቹ 2017 ነው። ክሊኒኩ ግን የሥራ ልምዷን በእንግሊዝኛ ሲጽፍላት ወሩን ተርጉሞ ዓመቱን ሳይቀይር «ሴፕቴምበር 2010» አለው። ውጭ ያለው አንባቢ ምን ያያል? ከመመረቋ ሰባት ዓመት ቀድማ የሠራች ነርስ! ኢሜይሏ ላይ ደግሞ በትክክል 2017 ብላ ነበር፤ ሁለቱ ተጋጩ። ደብዳቤው «ሴፕቴምበር 2017» ተብሎ እንደገና ተጻፈላት። ኢሜይሉን ከመላካችሁ በፊት ዲግሪውን፣ ፈቃዱንና የልምድ ደብዳቤውን ጎን ለጎን አስቀምጡና ቀን በቀን አመሳክሩ። የስማችሁንም ፊደል ከፓስፖርቱ ጋር አስተያዩ። አያት ስም አንዱ ላይ ኖሮ ሌላው ላይ ከሌለ፣ ከማመልከታችሁ በፊት እንዴት እንደሚስተካከል ሬጅስትራሩን ጠይቁ።

እዚያው እያላችሁ የማጣሪያ ጥያቄ ሲመጣ የትኛው ኢሜይል እንደሚከፈትና ማን እንደሚመልስ ጠይቁ። ማንም የማይከፍተው ኢሜይል ከተሰጠ ፋይላችሁ እዚያ ይቀራል።

«የኢትዮጵያ ፈቃድ ካለኝ እዚያም እሠራበታለሁ አይደል?»

አትሠሩበትም፤ ሳዑዲ ፕሮሜትሪክ ፈተና አለባችሁ፣ እንግሊዝ ደግሞ የነርሶች ምክር ቤቷ ጽሑፍም ተግባርም ይፈትናችኋል።

«የመልካም ሥነ ምግባር ደብዳቤ አንዴ ካወጣሁ ይበቃኛል?»

ቅርብ ጊዜ የወጣ ነው የሚፈልጉት፤ ብዙዎቹ ከ6 ወር ያለፈውን አይቀበሉም። ስለዚህ ቀድማችሁ አታውጡት።

ኢሜይሉ ራሱ አጭር ይሁን፦ በፓስፖርቱ ያለው ሙሉ ስም፣ የፈቃድ ቁጥሩና የሰጠው አካል፣ የሚያበቃበት ቀን በፈረንጆቹ፣ የሠራችሁበት ክፍል፣ ከዚያ ማጣራቱ የደረሰበት። ፈቃዱ ሊያልቅ ጥቂት ወር ከቀረው መጀመሪያ አሳድሱት፣ ከዚያ ላኩ።