የደብተር ህትመት ፕሮፎርማ፦ የቅናሽ እርከን እንዴት ይሠራል?

በሰኔና በሐምሌ የግል ትምህርት ቤቶች ለመስከረም የሚሆን ደብተር የራሳቸው አርማና ስም ባለው ሽፋን ለማሳተም ማተሚያ ቤቶችን ዋጋ ይጠይቃሉ። ማተሚያ ቤቱ በማህተም አረጋግጦ የሚልከው ደብዳቤ በተለምዶ ፕሮፎርማ ይባላል። ትምህርት ቤቱም ብዙ ጊዜ ከሦስት ቦታ ፕሮፎርማ ሰብስቦ ያወዳድራል። ማወዳደሩ ቀላል የሚሆነው ሦስቱም ስለ አንድ ዓይነት ደብተር ሲናገሩ ነው። ብዙውን ጊዜ ግን ሦስቱ ደብዳቤዎች ስለ ሦስት የተለያዩ ደብተሮች ይናገራሉ፤ የተመሳሰለው ስማቸው ብቻ ነው።

ጥሩ ፕሮፎርማ ከዋጋው በፊት ዕቃውን ይገልጻል። የደብዳቤው ዋና ክፍል እንዲህ ያለ ነው፦

«ጉዳዩ፦ የደብተር ህትመት ዋጋ ማቅረብን ይመለከታል። በጠየቃችሁን መሠረት ባለ 50 ቅጠል (100 ገጽ) ደብተር፣ ከተቆረጠ በኋላ መጠኑ 14.5 በ20.5 ሴ.ሜ፣ ውስጡ ባለ 60 ግራም ነጭ ወረቀት ባለ አንድ መስመር፣ ሽፋኑ ባለ 250 ግራም ካርድ በፊቱ ባለ 4 ቀለም፣ በመሃሉ በሁለት ሽቦ የተሰፋ፣ በደርዘን የታሸገ፣ ከዚህ በታች በተመለከተው ዋጋ የምናቀርብ መሆኑን እንገልጻለን።»

እዚህ ውስጥ ያለችው እያንዳንዷ ቁጥር ገንዘብ ናት። ደብዳቤው «ባለ 100 ደብተር» ብሎ ካለፈ አንዱ ማተሚያ ቤት 100 ቅጠል፣ ሌላው 100 ገጽ ማለቱ ሊሆን ይችላል፤ ልዩነቱም እጥፍ ወረቀት ነው። ቅጠሉና ገጹ አብረው መጻፍ ያለባቸው ለዚህ ነው። መጠኑም «ኤ5» ተብሎ ብቻ ሲቀመጥ ያሳስታል። ኤ5 ሲባል 14.8 በ21 ሴ.ሜ ነው፤ ደብተር ግን ከተሰፋ በኋላ ሦስቱ ጠርዞቹ ይቆረጣሉ። ስለዚህ የተቆረጠው መጠን መጻፍ አለበት።

ወረቀቱን ማስላት ለትምህርት ቤቱም ይጠቅማል። 61 በ86 ሴ.ሜ ከሆነ ትልቅ ሉህ የዚህ መጠን 16 ቅጠል ይወጣል። ባለ 50 ቅጠል ደብተር ስለዚህ ሦስት ሉህና ትንሽ ይበላል፤ 500 ሉህ ያለው አንድ ሪም 160 ደብተር ይሆናል ማለት ነው። ለ3,200 ደብተር 20 ሪም ያስፈልጋል፤ በማሽን ማስተካከያና በመቁረጥ የሚበላሸው በዚህ ላይ ይጨመራል። የወረቀቱን የሪም ዋጋ ጠይቆ ያወቀ ገዢ ከቀረበለት ዋጋ ውስጥ ወረቀቱ ስንት እንደሆነ በግምት ያገኘዋል።

አሁን ወደ እርከኑ እንግባ። ብዛት ሲጨምር ዋጋ የሚቀንስበት ዋናው ምክንያት ማሽኑ ከመንቀሳቀሱ በፊት የሚወጣው ወጪ ነው። የሽፋን ዲዛይን፣ ለየቀለሙ አንድ አንድ የሚወጡት አራቱ የማተሚያ ፕሌቶች፣ ቀለሙ እስኪስተካከል የሚበላሸው ካርድ፣ ማሽኑን ለማሰናዳት የሚጠፋው ሰዓት፣ ሁሉም 500 ደብተር ቢታተምም 5,000 ቢታተምም ያው ናቸው። ለምሳሌ ያህል (የገበያ ዋጋ ሳይሆን ለማስያ የተወሰደ) ይህ ወጪ 9,000 ብር፣ የእያንዳንዱ ደብተር የወረቀት፣ የቀለምና የጉልበት ወጪ ደግሞ 42 ብር ነው እንበል። 500 ሲታዘዝ የመነሻው ወጪ በአንድ ደብተር 18 ብር ያርፋል። በ1,000 ወደ 9፣ በ3,000 ወደ 3፣ በ5,000 ወደ 1 ብር ከ80 ይወርዳል።

ከዚህ የሚታየው ቅናሹ መጀመሪያ ላይ ትልቅ ሆኖ ቶሎ እንደሚያልቅ ነው። ከ5,000 ወደ 10,000 ሲኬድ ከመነሻው ወጪ የሚገኘው ተጨማሪ ቁጠባ 90 ሳንቲም ብቻ ነው። ከዚያ ወዲያ የሚሰጥ ቅናሽ ወይ ከማተሚያ ቤቱ ትርፍ፣ ወይ ወረቀት በብዛት በመግዛት ከሚገኝ ልዩነት ይመጣል። ስለዚህ በመጨረሻው እርከን ላይ 15 ወይም 20 በመቶ የሚቀንስ ፕሮፎርማ ሲመጣ «ከየት አመጣው?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። አንዳንዴ መልሱ በወረቀቱ ውስጥ ይገኛል፤ በካሬ ሜትር 60 ግራም የተባለው 55 ግራም ሆኖ ይመጣል።

ይህን ለማወቅ የኩሽና ሚዛን ይበቃል። ከላይ በተጻፈው ዝርዝር የተሠራ ደብተር 104 ግራም ያህል፣ ደርዘኑ ደግሞ 1 ኪሎ ከ250 ግራም ገደማ ይመዝናል። ውስጡ 55 ግራም ከሆነ ደርዘኑ ወደ 1 ኪሎ ከ160 ይወርዳል። ወረቀት እርጥበት ይስባል፣ ከፋብሪካም ትንሽ ልዩነት ይዞ ይመጣል፤ ጥቂት ግራም ጎደለ ተብሎ ጠብ አይነሳም። በደርዘን 90 ግራም መጉደል ግን ከዚህ ያልፋል። ቅጠሉም መቆጠር አለበት፣ በተለይ ከእሽጉ መሃል ከተወሰደ ደብተር። ደብተሩ በመሃሉ ስለሚሰፋ ቅጠል የሚጎድለው ጥንድ ጥንድ ሆኖ ነው፤ 48 ወይም 46 ይሆናል እንጂ 49 ከተገኘ አንድ ቅጠል ተቀዶ ወጥቷል።

የእርከኑ ሠንጠረዥ እንዲህ ቀርቧል እንበል፤ ሁሉም ከታክስ በፊት ነው፦

ከ500 እስከ 999 — 66 ብር
ከ1,000 እስከ 2,999 — 55 ብር
ከ3,000 እስከ 4,999 — 51 ብር
ከ5,000 በላይ — 48 ብር

ሠንጠረዡ ግልጽ ይመስላል፤ ግን አንድ ዓረፍተ ነገር ይጎድለዋል። 3,200 ደብተር ያዘዘ ትምህርት ቤት ሁሉንም በ51 ብር ያገኛል ወይስ 51 ብር የሚሆነው ከ3,000ኛው ጀምሮ ያለው ብቻ ነው? በመጀመሪያው አረዳድ ሂሳቡ 163,200 ብር ነው። በሁለተኛው ግን 999ኙ በ66፣ ቀጣዩ 2,000 በ55፣ የቀረው 201 በ51 ተሰልቶ 186,185 ብር ይመጣል። የ22,985 ብር ልዩነት ከአንድ ያልተጻፈ ዓረፍተ ነገር ሊነሳ ይችላል። በህትመት ሥራ የተለመደውም፣ ከመነሻ ወጪው ባህርይ ጋር የሚሄደውም የመጀመሪያው ነው፤ ደብዳቤው «የእርከኑ ዋጋ ለትዕዛዙ ሙሉ ብዛት ያገለግላል» ብሎ ቢጽፈው ክርክሩ ይዘጋል።

ዋጋው ለሙሉው ብዛት ሲሆን ግን በእርከኖቹ ድንበር ላይ ገደል አለ። 2,900 ደብተር በ55 ብር 159,500 ይሆናል፤ 3,000 ደብተር በ51 ብር ደግሞ 153,000። መቶ ደብተር ጨምሮ ያዘዘ 6,500 ብር ቀንሶ ይከፍላል። በዚህ ሠንጠረዥ ከ2,782 እስከ 2,999 የሚያዝ ሁሉ 3,000 ቢያዝ ይሻለዋል። ጨዋ ማተሚያ ቤት ይህን ራሱ ይናገራል፤ ያልተናገረ ቢሆን የትምህርት ቤቱ ግዢ ክፍል ሦስት ማባዛት ሠርቶ ያገኘዋል። ትርፉ ደብተር ደግሞ በዓመቱ መሃል ለሚመዘገብ ተማሪ ይውላል።

ሁለተኛው የጠብ ምንጭ የሽፋን ዓይነት ነው። ትምህርት ቤቱ ለአራት የክፍል ደረጃዎች አራት የተለያየ ሽፋን ከፈለገ 3,200ው አንድ ትዕዛዝ ነው ወይስ አራት ትዕዛዝ? ማተሚያ ቤቱ ለየሽፋኑ ለብቻው ፕሌት የሚያወጣ ከሆነ የመነሻ ወጪው አራት ጊዜ ይወጣል፤ ዋጋውም በ800 እርከን መቆጠሩ አይገርምም። ነገር ግን ከአንድ ትልቅ ካርድ ስምንት ሽፋን ስለሚወጣ አራቱን ዲዛይን ሁለት ሁለት አድርጎ በአንድ የፕሌት ስብስብ ላይ መደርደር ይቻላል። ከየዓይነቱ 800 ከሆነ 400 ካርድ ታትሞ ሁሉም እኩል ይደርሳል፤ ብልሽቱ ሲቀር የሚተርፍ ሽፋን የለም።

ችግሩ የተማሪ ቁጥር እኩል አለመሆኑ ነው። ከአንዱ 1,400፣ ከሌላው 900፣ ከዚያ 600ና 300 ሲፈለግ ሁለት ሁለት መደርደሩ 700 ካርድ አሳትሞ 2,400 ትርፍ ሽፋን ይጥላል። ድርድሩ ሦስት፣ ሁለት፣ ሁለት፣ አንድ ቢሆን ግን 467 ካርድ ይበቃል፤ ትርፉም ወደ 536 ይወርዳል። ይህን የሚያውቅ ትምህርት ቤት ዋጋ ሲጠይቅ ጠቅላላውን ብቻ ሳይሆን በየሽፋኑ የሚፈልገውን ብዛት ይጽፋል፤ ማተሚያ ቤቱም በምላሹ «ሽፋኖቹ በአንድ የፕሌት ስብስብ ስለሚታተሙ እርከኑ በጠቅላላ ብዛት ይቆጠራል» ማለት ይችላል። ዲዛይኖቹ አብረው ካልደረሱ ይህ ሁሉ ይፈርሳል። የአንዱ ክፍል ሽፋን ገና ነው ከተባለ ወይ ሥራው በሙሉ ይቆያል፣ ወይ ሌላ ፕሌት ይወጣል።

ታክሱ አጭር ነገር ነው፤ ግን ውድድሩን ይገለብጣል። 51 ብር ላይ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ሲጨመር 58 ብር ከ65 ሳንቲም ይሆናል። የትምህርት አገልግሎት ከዚህ ታክስ ነፃ ስለሆነ ትምህርት ቤቱ በግዢው ላይ የከፈለውን ታክስ አያቀናንስም፤ ወጪ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ የሚወዳደረው ጠቅላላው ነው። ለዚህ ታክስ ያልተመዘገበ አነስተኛ ማተሚያ ቤት 56 ብር ቢል ከ51 ብሩ ይረክሳል። ትምህርት ቤቱ ሲከፍል የሚቀንሰው ቅድመ ግብር ደግሞ ቅናሽ አይደለም፤ ማተሚያ ቤቱ በደረሰኙ ከግብሩ ላይ ያቀናንሰዋል።

የዋጋው ጸንቶ መቆያ ጊዜ አጭር መሆኑ ብዙ ርዕሰ መምህራንን ያበሳጫል። ወረቀቱ በአብዛኛው ከውጭ የሚገባ ስለሆነና ከሐምሌ 2016 ዓ.ም ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ ስለሚወሰን ማተሚያ ቤቱ የሚገዛበትን ዋጋ ለወር ያህል ማሰር ይፈራል። መካከለኛው መንገድ ቅድመ ክፍያ ነው፦ ግማሹ ሲከፈል ወረቀቱ ወዲያው ይገዛል፣ ዋጋውም ይቆማል። ያኔ ደብዳቤው «ቅድመ ክፍያ ከተፈጸመ በኋላ የወረቀት ዋጋ ቢጨምርም ዋጋው አይለወጥም» ማለት አለበት። ካላለ ቅድመ ክፍያው የጠቀመው አንዱን ወገን ብቻ ነው።

የማስረከቢያ ቀኑም ከምን እንደሚቆጠር ይጻፍ። «በ20 የሥራ ቀናት» የሚለው ከውሉ ቀን ነው፣ ከቅድመ ክፍያው ነው ወይስ ትምህርት ቤቱ የሽፋኑን ናሙና አይቶ ከፈረመበት ቀን? ናሙናው በርዕሰ መምህሩ ጠረጴዛ ላይ ሁለት ሳምንት ተኝቶ ደብተሩ መስከረም አጋማሽ ላይ ሲደርስ ሁለቱም ወገን ሌላውን ይወቅሳል። ናሙናው ላይ የሚፈረመውም በወረቀት በታተመው ላይ ቢሆን ይመረጣል፤ በስልክ ስክሪን የታየ ሰማያዊ በካርድ ላይ ያው ሰማያዊ አይሆንም። የትምህርት ቤቱ ስልክ ቁጥርም በሽፋኑ ላይ ካለ ያኔውኑ ይደወልበት።