ለእያንዳንዱ ደንበኛ ለብቻው የሚሄድ ቀሪ ሂሳብ ምንድን ነው?

ደሴ ላይ ሸቀጥ በጅምላ የሚያከፋፍል ሱቅ እናስብ። ዘይት፣ ስኳርና ዱቄት ለሐይቅ፣ ለኩታበርና ለባቲ ቸርቻሪዎች በዱቤ ይሰጣል። ቸርቻሪዎቹ ዕቃውን ዛሬ ወስደው ገንዘቡን ከገበያ በኋላ ያመጣሉ፤ አንዳንዴም ግማሹን ብቻ። መዝገቡ ግን አንድ ነው። የሁሉም ዱቤና ክፍያ እንደ አመጣጡ ተደባልቆ፣ አንዱ ከሌላው ሥር ይጻፋል።

የሐይቁ ነጋዴ 5,000 ብር ከፍሎ «አሁን ስንት ቀረብኝ?» ቢል መልሱ እዚያው መስመር ላይ መታየት አለበት። የሚታየውም የሱቁ ጠቅላላ ዱቤ ሳይሆን የእሱ ብቻ መሆን አለበት። ቀጥሎ ያለው መስመር የባቲው ከሆነ ደግሞ ቆጠራው ከባቲው ሂሳብ መነሳት አለበት። ለእያንዳንዱ ደንበኛ ለብቻው የሚሄድ ቀሪ ሂሳብ ማለት ይህ ነው። ኤክሴል ላይ በአንድ ፎርሙላ ይሠራል።

መዝገቡ ይህን ይመስላል። የመጀመሪያው መስመር ርዕስ ስለሆነ መረጃው ከ2ኛው መስመር ይጀምራል። 101 የሐይቁ፣ 102 የኩታበሩ፣ 103 የባቲው ደንበኛ ነው።

| መስመር | A ቀን | B መለያ | C ዱቤ | D ክፍያ | E ቀሪ |
|---|---|---|---|---|---|
| 2 | ጥቅምት 4 | 101 | 12,000 | | 12,000 |
| 3 | ጥቅምት 4 | 102 | 8,500 | | 8,500 |
| 4 | ጥቅምት 9 | 101 | | 5,000 | 7,000 |
| 5 | ጥቅምት 10 | 103 | 20,000 | | 20,000 |
| 6 | ጥቅምት 11 | 102 | | 8,500 | 0 |
| 7 | ጥቅምት 15 | 101 | 3,600 | | 10,600 |

E2 ላይ የሚጻፈው ይህ ነው፤ ከዚያ ወደ ታች ይጎተታል።

```
=SUMIF($B$2:B2,B2,$C$2:C2)-SUMIF($B$2:B2,B2,$D$2:D2)
```

SUMIF ሦስት ነገር ይፈልጋል። መጀመሪያ የት እንደሚፈልግ፣ ቀጥሎ ምን እንደሚፈልግ፣ በመጨረሻም ያገኘው መስመር ላይ ያለውን የትኛውን ቁጥር እንደሚደምር። የመጀመሪያው SUMIF የደንበኛውን ዱቤ ይደምራል፣ ሁለተኛው ክፍያውን ይደምራል፣ ልዩነታቸው ቀሪው ነው። እስከዚህ ድረስ አዲስ ነገር የለም።

ሥራውን የሚሠራው የዶላር ምልክቱ ነው። `$B$2:B2` በሚለው ውስጥ መነሻው በዶላር ታስሯል፣ መድረሻው ግን አልታሰረም። ፎርሙላውን ወደ ታች ስንጎትተው መነሻው ካለበት አይነቃነቅም። መድረሻው ግን አብሮን ይወርዳል። 3ኛው መስመር ላይ `$B$2:B3` ይሆናል፣ 7ኛው ላይ ሲደርስ `$B$2:B7`። እያንዳንዱ መስመር ከመጀመሪያው አንስቶ እስከ ራሱ ድረስ ብቻ ያያል ማለት ነው። ከራሱ በታች የተጻፈውን አያውቅም።

4ኛውን መስመር በእጃችን እንሥራው። ፎርሙላው ከB2 እስከ B4 ያያል። እዚያ ያሉት 101፣ 102 እና 101 ናቸው። የሚፈልገው በB4 ያለውን 101 ነው፤ ስለዚህ 2ኛውንና 4ኛውን መስመር ይይዛል፣ 3ኛውን ይዘላል። ዱቤው 12,000 ነው፣ ክፍያው 5,000። ቀሪ 7,000። የኩታበሩ 8,500 አልገባበትም።

እዚህ ላይ ልብ እንዲባልልኝ የምፈልገው አንድ ነገር አለ። ብዙ ሰው ፎርሙላው «መለያው ሲቀየር ወደ ዜሮ ይመለሳል» ብሎ ያስባል። ሲታይ እንደዚያ ይመስላል እንጂ የሚመለስ ነገር የለም። ፎርሙላው ከላዩ ያለውን ቀሪ አይቶ አይቀጥልም፤ እያንዳንዱ መስመር ላይ ሂሳቡን ከሥሩ እንደገና ይሠራዋል። አዲስ መለያ ሲመጣ ከላይ የሚመሳሰለው ስለሌለ የራሱን ብቻ ይደምራል። በቃ። መዝገቡ በደንበኛ መደርደር የማያስፈልገውም ለዚህ ነው። የደንበኞቹ መስመሮች ቢደበላለቁም ቀሪው ትክክል ነው።

ሌላው የተለመደው መንገድ ከዚህ ይለያል፦

```
=IF(B2=B1,E1,0)+C2-D2
```

ይህ የሚያየው ከላዩ ያለውን አንድ መስመር ብቻ ነው። መለያው ከላዩ ካለው ጋር አንድ ከሆነ ያለፈውን ቀሪ ይይዛል፣ ካልሆነ ከዜሮ ይነሳል። የእኛ መዝገብ ላይ ብናስገባው 4ኛው መስመር 5,000 ኔጋቲቭ ያወጣል። ምክንያቱም ከ101 በላይ ያለው 102 ነውና «አዲስ ደንበኛ ነው» ብሎ ከዜሮ ይጀምራል። ይህኛው በትክክል የሚሠራው የአንድ ደንበኛ መስመሮች በሙሉ አንድ ላይ ሲደረደሩ ነው። ያኔ ደግሞ በጣም ፈጣን ነው።

የSUMIF መንገድ በደንበኛ መደርደር አይፈልግም ማለት ግን ቅደም ተከተል አያስፈልገውም ማለት አይደለም። ቀኑን ጨርሶ አያይም። የሚያውቀው ከላይና ከታች ብቻ ነው። የጥቅምት 9 ክፍያ ከጥቅምት 15 ዱቤ በታች ከተጻፈ የመጨረሻው ቀሪ አይዛነፍም፣ መሀል ላይ ያሉት ግን የዚያን ቀን እውነት አይናገሩም። በቀን አስተካክላለሁ ብሎ መደርደርም በእኛ አቆጣጠር ያስቸግራል። ኤክሴል 5/2 ተብሎ የተጻፈውን እንደ ፈረንጅ ቀን ይይዘዋል። 30/2 ሲባል ግን የካቲታቸው 30 ቀን ስለሌለው እንደ ጽሑፍ ይተወዋል። ሲደረደር ሁለቱ ለየብቻ ይሰበሰባሉ። እኔ የምመርጠው ለእያንዳንዱ መስመር ተራ ቁጥር የሚይዝ አንድ ዓምድ ጨምሮ በእሱ መደርደር ነው።

አሁን ወደ ዋናው ችግር። ይህ ፎርሙላ ሲሳሳት አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ መለያው ላይ ነው። ከቁጥር ይልቅ ስም የሚጽፍ ሱቅ ብዙ ነው፣ በተለይ ወሎ ላይ ሀሰን የሚባል ደንበኛ የሌለው ነጋዴ ማግኘት ይከብዳል። አንዱ ሠራተኛ «ሀሰን» ይላል፣ ሌላው «ሐሰን»፣ ሦስተኛው «ሃሰን»። ለአንባቢ አንድ ሰው ነው። ለኤክሴል ሦስት ሰው ነው። ዱቤው በአንዱ፣ ክፍያው በሌላው ስም ይገባና ሁለት ሂሳብ ይፈጠራል። ከስሙ መጨረሻ የቀረች አንዲት ባዶ ቦታም ያንኑ ታደርጋለች፣ እሷ ደግሞ በዓይን አትታይም።

ይህን የሚያጋልጥ ጥሩ ምልክት አለ። አንድ ደንበኛ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲታይ ቀሪው ኔጋቲቭ ከሆነ መጠርጠር ነው። ሳይበደር የከፈለ ሰው ቅድሚያ ክፍያ አስይዞ ካልሆነ በቀር የለም። B ዓምድ ላይ ፊልተር አድርጎ የሚወርደውን ዝርዝር ማንበብም ይረዳል፤ ተመሳሳይ ስሞች እዚያ ጎን ለጎን ባይሆኑም ይታያሉ። ዘላቂው መፍትሔ ግን ለእያንዳንዱ ደንበኛ አጭር ቁጥር ሰጥቶ በቁጥሩ መሥራት ነው።

መለያው ሳይጻፍ የቀረ መስመር ደግሞ ቀሪውን 0 ያሳያል። ዱቤ ተጽፎበት ቀሪው 0 የሆነ መስመር ካያችሁ B ዓምድን ተመልከቱ። ብሩ ላይ «3,600 ብር» ብሎ የጻፈም አለ። ያ ጽሑፍ እንጂ ቁጥር ስላልሆነ SUMIF ዝም ብሎ ያልፈዋል፣ ስህተት ነው ብሎም አይነግርም። ሴሉ ውስጥ በግራ በኩል የተጠጋ የብር መጠን ካለ እሱ ነው። «ብር» የሚለውን በሴል ፎርማት ማስገባት እንጂ በእጅ መጻፍ አያስፈልግም።

ዶላሩን መርሳትም የተለመደ ነው። `B2:B2` ብሎ ከተጎተተ 3ኛው መስመር ላይ `B3:B3` ይሆናል፤ ያን ጊዜ እያንዳንዱ መስመር የራሱን ብር ብቻ መልሶ ያሳያል። ቀሪው ከዱቤው ጋር አንድ ከሆነና ክፍያው በሙሉ ኔጋቲቭ ከሆነ የረሳችሁት እሱን ነው። ከዚህ የሚከፋው የመደመሪያው ክልል በአንድ መስመር ሲዛነፍ ነው፣ ለምሳሌ `$C$3` ተብሎ ሲጀምር። SUMIF የሁለቱ ክልል ልክ ባይገጥምም አያማርርም፣ የሚቀጥለውን ሰው ብር ይደምራል። SUMIFS የሚባለው ግን ልኩ ካልገጠመ `#VALUE!` ብሎ ያስቆማል። ለጥንቃቄ እሱን መምረጥ ይቻላል፤ ልዩነቱ የሚደመረው ዓምድ መጀመሪያ መጻፉ ነው።

መዝገቡን Ctrl+T ተጭኖ ወደ ሠንጠረዥ የቀየረ ሰው ሌላ ነገር ይገጥመዋል። አዲስ መስመር ከታች ሲጨመር ኤክሴል የቀድሞውን የመጨረሻ መስመር ፎርሙላ አንድ ሴል ወደ ታች ያስረዝመዋል። ያ መስመር ከራሱ በታች ያለውን መቁጠር ይጀምራል። ምልክቱ ትናንት ትክክል የነበረ ቀሪ ዛሬ ያው ደንበኛ አዲስ ዱቤ ሲወስድ አብሮ መቀየሩ ነው። ሠንጠረዥ ውስጥ መነሻውን እንዲህ መጻፍ ያድናል፦

```
=SUMIF(INDEX([መለያ],1):[@መለያ],[@መለያ],INDEX([ዱቤ],1):[@ዱቤ])
```

ለክፍያውም በዚሁ ዓይነት ጽፎ መቀነስ ነው።

ሥራው በትክክል መሠራቱን ለማረጋገጥ የእያንዳንዱን ደንበኛ የመጨረሻ ቀሪ ደምሩ። በእኛ መዝገብ 10,600 እና 0 እና 20,000 ነው፣ ድምሩ 30,600። ከዚያ የC ዓምድ ድምር 44,100 ላይ የD ዓምድ ድምር 13,500 ቀንሱ። እሱም 30,600 ነው። ሁለቱ ካልገጠሙ መለያ የሌለው መስመር ወይም የተዛነፈ ክልል አለ። ለሁለት የተከፈለ ሀሰን ግን በዚህ አይያዝም፤ ሁለቱ ግማሾች ሲደመሩ ልክ ይመጣሉና። እሱን የሚያወጣው ከላይ ያልነው ኔጋቲቭ ቀሪ ነው።

የዚህ ፎርሙላ ትልቁ ገደብ ፍጥነት ነው። እያንዳንዱ መስመር ከላይ ያለውን ሁሉ እንደገና ስለሚያይ መስመሩ 1,000 ሲደርስ አንዱ SUMIF 500 ሺህ ያህል ሴል ያያል። 10,000 ሲደርስ ወደ 50 ሚሊዮን ይሆናል። መስመሩ አሥር እጥፍ ሲያድግ ሥራው መቶ እጥፍ ያድጋል። ሁለት SUMIF ስላለን ያም በሁለት ይባዛል። ሥራውን በግማሽ ለመቀነስ F ዓምድ ላይ `=C2-D2` ብሎ ልዩነቱን መጻፍና በእሱ ላይ አንድ SUMIF ብቻ መሥራት ይቻላል፦

```
=SUMIF($B$2:B2,B2,$F$2:F2)
```

ያም ሆኖ ፋይሉ እያንዳንዷን ቁጥር ከጻፉ በኋላ መቆም ከጀመረ መዝገቡን መክፈል ይሻላል። ሐምሌ 1 የበጀት ዓመቱ ሲጀምር አዲስ ገጽ ተከፍቶ ለእያንዳንዱ ደንበኛ አንድ መስመር «ካለፈው ዓመት የዞረ» ተብሎ የመጨረሻ ቀሪው ዱቤ ላይ ይጻፋል። ፎርሙላው አይቀየርም። የዞረው መስመር ከሁሉም በላይ እስከሆነ ድረስ የሐይቁ ነጋዴ ሐምሌ 2 መጥቶ ቢጠይቅ የአምና ዕዳው ተደምሮ ይታያል።