ኦሜፕራዞል ሲቆም የሚነሳው ቃር

ጎጃም ውስጥ «ጨጓራ አለብኝ» የማይል ቤተሰብ ጥቂት ነው። ሐኪም ቤት ሲሄዱም ሆነ ፋርማሲ ጎራ ሲሉ፣ ይዘውት የሚመለሱት አብዛኛውን ጊዜ ኦሜፕራዞል፣ 20 ሚሊግራም እንክብል ነው። ለጨጓራ ባክቴሪያ ከሌሎች መድኃኒቶች ጋር 14 ቀን ገደማ፣ ለቃር ደግሞ ከ4 እስከ 8 ሳምንት ይታዘዛል። ችግሩ ቀኑ ሲያልቅ ነው። ሲያቆሙት ቃሩ ብሶ ይመጣል፤ ሰውም «ያለሱ አልችልም» ብሎ ዓመታት ይቀጥላል።

ቃሩ ግን ሁልጊዜ የበሽታው መመለስ አይደለም። ኦሜፕራዞል አሲድ የሚረጩትን ፓምፖች ይዘጋል። አሲዱ ሲቀንስ ሰውነት ጋስትሪን የሚባለውን ሆርሞን ያበዛል፤ ጋስትሪን ደግሞ አሲድ እንዲመነጭ የሚገፋፋ ነው። መድኃኒቱ ሲቆም ፓምፖቹ በቀናት ውስጥ ሥራ ይጀምራሉ፣ ግፊቱ ግን ገና አልበረደም። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ የዴንማርክ ጥናት ይህን ጨጓራቸው ጤነኛ በሆኑ ሰዎች ላይ አሳይቷል። የዚሁ ቤተሰብ መድኃኒት ለ8 ሳምንት ወስደው ካቆሙት 44 በመቶው ቃርና መሰል ስሜት ተሰማቸው፤ ባዶ እንክብል ከወሰዱት ግን 15 በመቶው ብቻ።

ቢቸና ያሉ አንድ የ52 ዓመት መምህርን እናስብ። ለባክቴሪያ የታዘዘላቸውን ሦስት ዓመት ወሰዱት። አንድ ቀን ድንገት ተዉት፤ በአራተኛው ቀን ደረታቸው ነደደ፤ ተመልሰው ገዙ። ሐኪም መጀመሪያ የጠየቃቸው ሌላ ነገር ነው፦ «ለወገብ ዲክሎፌናክ ይወስዳሉ? ለልብ አስፕሪንስ? ጨጓራዎ ደምቶ ያውቃል?» ቀድሞ ቁስሉ የደማ ሰው እነዚህን የሚወስድ ከሆነ፣ ወይም ጉሮሮው በአሲድ ክፉኛ የቆሰለ ከሆነ፣ ኦሜፕራዞሉን በራሱ ማቆም የለበትም። መምህሩ አንዱም የለባቸውም። ስለዚህ ለሁለት ሳምንት አንድ ቀን እያለፉ ወሰዱ፣ ከዚያ አቆሙ። ቃር ሲነሳ የሚታኘክ የአሲድ ማብረጃ ያዙ። እራት ከመኝታ ሦስት ሰዓት በፊት አደረጉ፤ አረቄዋንም ለጊዜው ተዉ። (እንክብሉ የሚዋጠው ከምግብ ግማሽ ሰዓት በፊት ነው፤ በሑዳዴ በዘጠኝ ሰዓት የሚያፈርስ ሰው ስምንት ተኩል ላይ ይውሰደው።)

በመጀመሪያው ሳምንት ቃሩ ከባድ ነበር፣ በሦስተኛው ቀለለ፣ በስድስተኛው ጠፋ። የማቆም ቃር እንዲህ ሳምንት በሳምንት ይለዝባል። ከሁለት ወር በላይ ሳይቀንስ ከቆየ ግን ዋናው ችግር አለ ማለት ነው፣ ምርመራ ይፈልጋል። ምግብ ጉሮሮ ላይ ሲያዝ፣ ክብደት ሲቀንስ፣ ደም ሲያስመልስ ወይም ሰገራ እንደ ሬንጅ ሲጠቁር ደግሞ ሳምንት አይቆጠርም። የብረት እንክብል የሚወስድ ሰው ሰገራው በሱም ሊጠቁር ስለሚችል ይህንንም ለሐኪሙ ይንገር።