«እሺ ይበልጣል ከሺ»፦ ብር ለሚጠይቅ የመሥሪያ ቤት ጓደኛ

አንድ ሰው ሲጠየቅ ሲያንገራግር ከጎኑ ያለው «አቦ፣ እሺ በል! እሺ ይበልጣል ከሺ» ይለዋል። ሽማግሌ ሲያስታርቅም ይላታል። እናት ልጇን ስትልክም ትላታለች። ትርጉሟ ግልጽ ነው፦ በጎ ፈቃድና ቀና መልስ ከሺ ብር ይበልጣል።

ማን እንደ ጀመራት አይታወቅም። የተወለደችው በአማርኛ መሆኑ ግን ከራሷ ያስታውቃል። «እሺ» ላይ አንዲት ፊደል ብትነሳ «ሺ» ትቀራለች፤ ጨዋታው ያለው እዚያ ላይ ነው። በግዕዝ ሺህን «ዐሠርቱ ምእት» ስለሚሉት ጨዋታው አይሠራም። ሺውም ቀላል ቁጥር አይደለም። በማርትሬዛ ጊዜ አንዱ ብር 28 ግራም ገደማ ይመዝን ነበር። ሺው 28 ኪሎ መሆኑ ነው፤ በኪስ አይያዝም። ያን ያህል ብር በአንድ ቃል ተበለጠ ማለት ነው።

እኔ ግን ይህችን አባባል ለዓመታት ተገልብጣ ገብታኝ ነበር። «እሺ» ማለት «ሺውን ስጥ» ይመስለኝ ነበር።

የምኖረው ደሴ ነው፤ የምሠራው ኮምቦልቻ። ጠዋት ጠዋት ሐረጎን በሰርቪስ እንወርዳለን፣ ማታ እንመለሳለን። ከአጠገቤ ከሚቀመጠው ጓደኛዬ ጋር ከአንድ ክፍል ነን። እንዲህ ያለ ሰው ብር ሲጠይቅህ ነገሩ ከሌላው ጓደኛ ይለያል። ደመወዝህን ያውቃል። የሚገባበትን ቀን ያውቃል። የትርፍ ሰዓትህን ሳይቀር ያውቃል። «የለኝም» ብትለው ውሸት መሆኑን ያውቃል፤ ነገም ከአጠገብህ ይቀመጣል።

የመጀመሪያው ስህተቴ ከሌላ ባልደረባ ጋር ነበር። ብድር ሲጠይቀኝ አፍሬ «እሺ፣ እናያለን፤ ደመወዝ ይግባ» አልኩት። ማበደር አልፈለግሁም፤ «እምቢ» ማለት ስለከበደኝ ነው። እሱ ግን «እሺ»ዋን ሰማ፤ «እናያለን»ን አልሰማም። ደመወዝ የገባ ዕለት ሲመጣ ሌላ ምክንያት ፈለግሁ። እሱ ለሁለት ሳምንት ሌላ ሰው ሳይጠይቅ እኔን ሲጠብቅ ነበር። እስከ ዛሬ ሰላምታችን ከእግዜር ይመስገን አያልፍም። ወዳጅነቱን የገደለው ብሩን መከልከሌ አይመስለኝም። ባዶዋ እሺ ናት።

ሁለተኛው ጥያቄ የመጣው ከሰርቪሱ ጓደኛዬ ነው። አሥር ሆነን በወር 3,000 ብር እቁብ እንጥላለን። ዕጣው ለእኔ ወጣ፤ 30,000 ብር። ሰኞ ጠዋት ገና ሐረጎ ሳንደርስ «ወንድሜ፣ የታናሼ ባጃጅ ሞተሩ ተበላሽቷል፤ 20,000 አበድረኝ። ወላሂ በሦስት ወር እመልሳለሁ» አለኝ። ዕጣው ሲወጣ አብሮኝ ተቀምጦ ነበርና የለኝም የሚባል ነገር የለም።

መልሱን ሰርቪስ ላይ አልሰጠሁትም፤ ከኋላችን ጆሮ ነበር። ግን አላሳደርሁትም። «ዛሬ ከምሳ በኋላ እነግርሃለሁ» አልኩት። የማታበድር ከሆነ ቀኑን መግፋት ደግነት አይደለም፤ ሌላ በር እንዳያንኳኳ ማሰር ነው።

ምሳ ሰዓት ላይ ወደ እቁባችን ዳኛ ሄድኩ። ከእኛው ክፍል ናቸው፤ ሸምገል ያሉ። «ጋሼ፣ እሺ ይበልጣል ከሺ ይባላል፤ እኔ ግን ማበደር አልፈልግም» አልኳቸው። ሳቁ። «ልጄ፣ እሺ ከሺ ይበልጣል አሉ እንጂ እሺ ሺ ነው አሉ እንዴ? ሁለቱን ለይተው ነው ሚዛን ላይ ያስቀመጡት። እሺውን ስጠው፤ ሺው ይቅር» አሉኝ። ይሄ ትርጓሜ የእሳቸው ነው፤ ሁሉም ሰው እንዲህ ይተረጉማል አልልም። ለእኔ ግን ሠራልኝ።

ከሰዓት ቡና ይዘን ለብቻችን ቆምን። ያልኩት ይሄን ያህል ነው፦ «ብሩ አለኝ፣ አልዋሽህም። ግን አብሮኝ ለሚሠራ ሰው አላበድርም፤ ለማንም። ባትመልስልኝ በየቀኑ ፊትህን ሳይ ብሩን ነው የማየው። አንተን ማጣት አልፈልግም። ለባጃጁ ግን አብረን መላ እንፈልግ፣ እሺ?»

ምክንያት አልደረደርኩም። ብሩ ለስድስት ወር የቤት ኪራይ ነው ብዬው ቢሆን «ስድስቱን ወር ለሦስት አድርገህ ክፈል» ይለኝ ነበር። ምክንያት ድርድር ይከፍታል። «ለባልደረባ አላበድርም» የሚለው ግን የሚደራደሩበት ቀዳዳ የለውም፤ ደግሞም እሱን ለብቻው አይነካውም። ታዲያ እውነት መሆን አለበት። ከዚያ በኋላ ለሌላ ባልደረባ ካበደርክ ወሬው በሳምንቱ ይደርሰዋል።

«ታዲያ በወረቀት አድርገው» አለ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሸነፋል። ወረቀቱ ከንቱ ስለሆነ አይደለም። እንዲያውም በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ቁጥር 2472 ላይ፣ ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በምስክር ብቻ አይረጋገጥም ይላል፤ ጽሑፍ፣ ወይም በፍርድ ቤት ማመን፣ ወይም መሐላ ያስፈልጋል። ግን ወረቀት የሚጠቅመው ለመክሰስ ነው። እኔ ደግሞ እሱን የምከስበት አንጀት የለኝም። የማልጠቀምበትን ወረቀት ለምን አስፈርመዋለሁ?

ቀጠለና «እሺ፣ ከሠራተኞች ቁጠባና ብድር ማኅበር ልውሰድ፤ አንተ ዋስ ሁነኝ» አለ። ይሄ ለስለስ ያለ ይመስላል። ግን ዋስ የሆነ ሰው ተበዳሪው ካልከፈለ ራሱ ይከፍላል። ለብድሩ እምቢ ብሎ ለዋስትናው መፈረም በፊት በር ያስወጡትን በጓሮ ማስገባት ነው። «እሱም ያው ብድር ነው» አልኩት። ዝም አለ። እኔም ዝም አልኩ። ያቺ ዝምታ ከባድ ናት፤ ሰው 5,000 እንኳ ልስጠው ብሎ የሚሸነፈው እሷ ላይ ነው።

ከዚያ እሺውን አመጣሁ። በኪሴ የነበረውን 1,500 ብር ሰጠሁትና «ይሄ ብድር አይደለም፤ እንዳትመልስ» አልኩት። መጠኑን የመረጥኩት ብረሳው የማይቆጨኝን አስቤ ነው። ሁለተኛው ደግሞ እቁቡ ነበር፤ የእሱ ዕጣ ገና አልወጣም። አባላቱ ከተስማሙ ችግር ለገጠመው ሰው ዕጣ ሳይወጣ ይሰጣል። ዳኛውን አብረን ጠየቅን፤ ስምንቱንም አግባባን። የሚቀጥለው ወር ለእሱ ሆነ፣ ዋሱም አማቹ ሆኑ። ጋራዡ ግማሹን እስከዚያ ሊጠብቅ ተስማማ።

ማክሰኞ ጠዋት ሰርቪሱ ላይ ሌላ ወንበር ሊይዝ ነበር፤ አየሁት። እኔ ቦታ ይዤ ጠራሁት። ስለ ብሩ አላነሳሁም፣ ይቅርታም አልጠየቅሁም። ለክፍላችን ሰውም ትንፍሽ አላልኩም። ልገዛው ያሰብኩትን ስልክ ግን ለሁለት ወር አቆየሁት፤ ይሄ እንኳ የፍርሃት ይሁን የይሉኝታ እኔም አላውቅም።

ሳምንት ያህል ቀዝቀዝ ብሎ ነበር። ከዚያ አንድ ጠዋት ሐረጎ ላይ ጉም ወርዶ ሾፌሩ በእርጋታ ሲነዳ፣ ቆሎውን ከፍሎ እጄ ላይ አፈሰሰልኝና «ይሄም ብድር አይደለም» አለኝ።