ድሬዳዋ፣ ሐረር እና ቁጥሮቻቸው፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ድሬዳዋ 341,834፣ ሐረር ደግሞ 99,368 ሕዝብ ነበራቸው። ባቡር የመጣላት ከተማ ባቡር የቀረባትን በሦስት እጥፍ ተኩል ገደማ በልጣለች።»

ይህ ዓረፍተ ነገር በማርማቸው ድርሰቶች ውስጥ ዓመት አይዘልም። ሁለቱም ቁጥሮች ከቆጠራው ውጤት የተገለበጡ ትክክለኛ ቁጥሮች ናቸው፤ ጎን ለጎን መቀመጣቸው ግን ልክ አይደለም። 341,834 የድሬዳዋ አስተዳደር ሕዝብ ሲሆን የገጠር ቀበሌዎቹን ገበሬዎች ሁሉ ይጨምራል። 99,368 ግን የሐረሪ ክልል የከተማ ነዋሪ ብቻ ነው፤ ገጠሩ ተቀንሶለታል። ተማሪው ሳያውቀው አንዱን ከነቆቡ፣ ሌላውን ቆቡን አስወልቆ ቁመት ለክቷል።

ሠንጠረዡን አንድ ዓምድ ወደ ቀኝ ማየት ይበቃ ነበር። የድሬዳዋ የከተማ ነዋሪ 233,224 ነው፤ ይህ ለ99,368 ሲካፈል 2.35 ገደማ ይመጣል። ገጠሩን ጨምረን አስተዳደሩን ከክልሉ ጋር ካነጻጸርን ደግሞ 341,834 ለ183,415 ሲካፈል 1.86 ይሆናል። ሁለቱም መልሶች ያስኬዳሉ፤ ጥያቄው ስለ ከተማ ከሆነ የመጀመሪያውን፣ ስለ አስተዳደር ክልል ከሆነ ሁለተኛውን መውሰድ ነው። «ሦስት እጥፍ ተኩል» ግን የየትኛውም ጥያቄ መልስ አይደለም።

ስለ ባቡሩም አንድ ቃል ልበል። ሐዲዱ ድሬዳዋ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ነው። ከመቶ ዓመት በኋላ የተደረገ ቆጠራ ልዩነቱን ያሳያል እንጂ ከመቼ ጀምሮና በምን ምክንያት እንደ ሰፋ አይናገርም። በመካከል ፋብሪካ አለ፣ ጦርነት አለ፣ ኮንትሮባንድም አለ።

«ሐረር በ1976 ቆጠራ ከ4 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ነበራት፤ በ1987 ቆጠራ ወደ 131,139 ወርዳለች። ስደቱ ምን ያህል አስከፊ እንደ ነበር ይህ ይመሰክራል።»

የ1976ቱ ሐረርጌ ክፍለ ሀገር ነው፤ ድሬዳዋን፣ ገበሬውን የምሥራቅና የምዕራብ ሐረርጌን፣ ቆላውን ኦጋዴን የያዘ ሰፊ አገር። የ1987ቱ በአዲሱ አከላለል የተፈጠረችው ትንሿ ሐረሪ ክልል ናት። የጠበበው ወሰኑ ነው። «ሐረር» የሚለው ስም ብቻውን ጀጎልን፣ ከተማውን፣ ክልሉን ወይም ክፍለ ሀገሩን ሊሆን ስለሚችል፣ ቁጥሩ ከመጠቀሱ በፊት የትኛው እንደ ሆነ መጻፍ አለበት። በድሮ ሰነዶች ላይ ደግሞ «አዲስ ሐረር» የምትባለው ራሷ ድሬዳዋ ናት! ይህን ያልሰማ ሰው የአንዷን ከተማ ጭነት ለሌላዋ ይመዘግባል።

«ከ1999 ወዲህ ያሉት የመንግሥት አሃዞች ድሬዳዋ በየዓመቱ ሳታቋርጥ ማደጓን ያረጋግጣሉ።»

ከ1999 በኋላ አገር አቀፍ የሕዝብ ቆጠራ አልተካሄደም፤ አራተኛው ተደጋግሞ ተራዝሟል። ከዚያ ወዲህ የሚወጡት የየዓመቱ ቁጥሮች ትንበያዎች ናቸው፦ መነሻው የ1999 ቆጠራ ሆኖ የወሊድ፣ የሞትና የፍልሰት ግምት ተጨምሮበት የሚሰላ። ስሌቱ ዕድገትን አስቀድሞ ስለሚያስገባ፣ ውጤቱ ዕድገት ማሳየቱ ማስረጃ አይሆንም፤ የራስን ቃል መልሶ መስማት ነው። ትንበያን መጥቀስ ነውር የለበትም፤ «ተቆጠረ» ብሎ መጻፍ ግን ስሕተት ነው። መለያው ቀላል ነው፦ አሃዙ የቆጠራ ቀን ከሌለውና በየዓመቱ እኩል በሚመስል መጠን ከጨመረ ትንበያ ነው።

«ድሬዳዋ ላይ የተጫነው ሸቀጥ ከ1909 ዓ.ም. በኋላ ቀንሶ ከተገኘ የሐረር አካባቢ ምርት ቀንሷል ማለት ነው።»

የጉምሩክ መዝገብ ዕቃው በየት እንዳለፈ ይጽፋል እንጂ በየት እንደ በቀለ አይጽፍም። ከ1895 ጀምሮ ለበርካታ ዓመታት ድሬዳዋ ሐዲዱ የሚያበቃባት ነበረች። ከሸዋና ከምዕራብ በበቅሎና በግመል የመጣ ቡናና ቆዳ ባቡር ላይ የሚወጣው እዚያ ነበር። ሐዲዱ በ1909 አዲስ አበባ ሲገባ ያው ሸቀጥ አዲስ አበባ ላይ ተጭኖ ድሬዳዋን በባቡር እንዲሁ ማለፍ ቻለ። ስለዚህ ድሬዳዋ ጣቢያ ላይ የሚጫነው ጭነት ቀንሶ፣ የሐረርጌ ገበሬ ግን የለቀመው ቡና ሳይጎድል ሊቀር ይችላል። ይህን ለመለየት መነሻ ጣቢያው የተጻፈበት የጭነት መዝገብ ይፈለጋል፤ ጠቅላላ ድምሩ ብቻውን አይበቃም።

የገንዘቡም ጉዳይ አለ። የዚያን ዘመን ሒሳብ አንዳንዱ በማርያ ቴሬዛ ብር፣ አንዳንዱ በፈረንሳይ ፍራንክ የተጻፈ ነው፤ የብሩ ዋጋ ደግሞ ከብር ማዕድን ገበያ ጋር ይወጣና ይወርዳል። ለምሳሌ ያህል፣ በሁለት ዓመታት ውስጥ እኩል 1,000 ፈረሱላ ቡና ቢወጣና ዋጋው ከ5 ብር ወደ 7 ብር ቢያድግ፣ መዝገቡ 5,000 ከዚያም 7,000 ይላል። ተማሪው «ንግዱ በ40 በመቶ አደገ» ብሎ ይጽፋል፤ አንዲት ፍሬ ቡና አልጨመረችም። ክብደቱ በሌላ ዓምድ ካለ እርሱን ውሰዱ፤ ከሌለ ደግሞ «የወጣው ሸቀጥ ዋጋ አደገ» ብላችሁ ጻፉና «ምርት» የሚለውን ቃል ተዉት።