11 ፊቸር ቆጥራ «ዝናብ ያስገባል እንዴ?» ተባለች፦ ስለ ዴሞ ቪዲዮ ስክሪፕት የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ያለውን ነገር ሁሉ ካልዘረዘርኩ ሰው እንዴት ይገዛል?»

ይሄን ያለችኝ ኦንላይን የጀርባ ቦርሳ የምትሸጥ ጓደኛዬ ናት። የመጀመሪያ ቪዲዮዋ ላይ ቦርሳው ጠረጴዛ ላይ ይሽከረከራል፣ ከኋላ ድምጿ ውሃ የማያስገባ ጨርቅ፣ የላፕቶፕ ኪስ፣ ስፖንጅ ያለው ማንገቻ፣ ድብቅ ኪስ፣ ድርብ ስፌት ምናምን እያለ በ40 ሰከንድ 11 ነገር ይቆጥራል። ለአንዱ 4 ሰከንድ እንኳን አይደርሰውም፣ አይን የሚያየው ደግሞ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያው የሚዞር ቦርሳ ነው። ከስር የመጣው ኮሜንት ምን ይላል? «ዝናብ ያስገባል እንዴ?» በ3ኛው ሰከንድ የተነገረ ነገር እኮ ነው! ሰውየው ሳይሰማ ቀርቶ አይደለም፣ ሰምቶታል ግን ያየው ነገር ስለሌለ ቃሉ በጆሮው አልፎ ሄደ።

ዝርዝሩ ይጣል አላልኩም፣ ቦታው የእቃው ገጽ ላይ ከፎቶው ስር ነው። እዛ ልኬቱም ክብደቱም የጨርቁ አይነትም በደንብ ይጻፍ፣ ለመግዛት የተቃረበ ሰው ወርዶ ያነበዋል። ለቪዲዮው ከ11ዱ አራት ብቻ አስቀረን፣ እሱንም በግምት ሳይሆን ኢንቦክሷን ከፍተን ሰዎች ደጋግመው የጠየቁትን ቆጥረን ነው፦ ዝናብ፣ ላፕቶፕ፣ ትከሻ፣ ሌባ። ለያንዳንዱ አንድ ሲን።

«ጥቅም ማለት እኮ ያው ፊቸሩን አሳምሮ መናገር ነው»

«እጅግ ምቹና ዘመናዊ ማንገቻ» ሲባል ያው ፊቸር ነው፣ ቅጽል ለብሶ መጣ እንጂ። እኔ የምጠቀመው መንገድ ቀላል ነው፣ ከያንዳንዱ ፊቸር ኋላ «እና ምን ይጠበስ?» እላለሁ። ማንገቻው ስፖንጅ አለው። ምን ይጠበስ? ለስላሳ ነው። ምን ይጠበስ? ትከሻ አይቆርጥም። ምን ይጠበስ? ላፕቶፕና ሁለት መጽሐፍ ተሸክመህ ስትሄድ በየመቶ እርምጃው ማንገቻውን አታስተካክልም። እዚ ጋ አቁሙ። አንዴ ከጨመራችሁ «ደስተኛ ትሆናለህ» ላይ ትደርሳላችሁ፣ ደስታን ደግሞ ካሜራ ፊት አምጥቶ ማሳየት አይቻልም። ማንገቻ አለማስተካከል ግን ይቀረጻል፦ አንዱ ቀጭን ማንገቻ ያለው ቦርሳ ይዞ ሲሄድ ትከሻውን ያሻል፣ ይጎትታል፣ እንደገና ያሻል፤ ቀጥሎ ያው ሰው በያው መንገድ፣ ያው እቃ የኛ ቦርሳ ውስጥ ሆኖ፣ ሁለት እጁን ስልኩ ላይ አድርጎ እየጻፈ ይሄዳል። 7 ሰከንድ በቃው።

«አንድ ሲን ላይ ሁለት ሶስት ጥቅም ቢገባ ጊዜ ይቆጥባል»

የዝናቡ ሲን መጀመሪያ ሲጻፍ ውሃ ቦርሳው ላይ እየፈሰሰ ድምጹ «ዝናብ አያስገባም፣ ደግሞ ድብቅ ኪስም አለው» ይል ነበር። ተመልካቹ በዛች ሰአት ልቡ ያለው ውስጡ ያለው ነገር ረጠበ ወይስ አልረጠበም የሚለው ላይ ነው፣ አንተ ስለ ኪስ ስታወራው ኪሱንም አይሰማ፣ ውሃውንም በደንብ አያይ። የአንድ ሲን ንግግር ውስጥ «ደግሞ» ወይም «በተጨማሪም» ካገኛችሁ ከዛ በኋላ ያለው ወይ የራሱ ሲን ይሰጠው ወይ ይውጣ። የኛ መጨረሻ ላይ እንዲህ ሆነ፦

ሲን 1፣ 9 ሰከንድ።
ምስል፦ እጅ ደረቅ ሶፍት ቦርሳው ውስጥ ይከታል፣ ዚፑ ይዘጋል፣ ከላይ አንድ ኩባያ ውሃ ይፈስበታል፣ ዚፑ ይከፈታል፣ ሶፍቱ ወጥቶ ካሜራው ፊት ይበተናል።
ድምፅ፦ «መንገድ ላይ ዝናብ ቢይዝህ ውስጡ ያለው እንዲህ ነው የሚወጣው።»

ሶፍት የመረጥነው ጠብታ ከነካው ወዲያው ስለሚያሳብቅ ነው፣ ወረቀት ትንሽ እርጥበት ይደብቃል። ከዚፑ መዘጋት እስከ ሶፍቱ መውጣት አንድም ቦታ አይቆረጥም፣ እዛ መሀል ኤዲት ከታየ «ሶፍቱን ቀይረውት ነው» መባሉ አይቀርም፣ ልክም ናቸው። መጀመሪያ የቀረጽነው ደግሞ የተበላሸው በቦርሳው ጥፋት ሳይሆን ውሃ ባፈሰሰው እጅ ሶፍቱን ስላወጣነው ነው፣ ስለዚ ስክሪፕቱ ላይ «አንደኛው ሰው ያፈሳል፣ ሌላኛው በደረቅ እጅ ይከፍታል» የሚል ጨመርን።

ከመቅረጻችን በፊት ቦርሳውን ሻወር ስር አቁመነው ነበር፣ ቆይቶ በዚፑ ጥርስ በኩል መርጠብ ጀመረ። ጨርቁ ውሃ ያንሸራትታል፣ ዚፑና ስፌቱ ግን ውሃ ሲበዛበት ያስገባሉ። «ውሃ የማያስገባ» የሚለው ቃል ከቪዲዮውም ከገጹም ወጣ፣ «ዝናብ ይችላል፣ ውሃ ውስጥ አይነከርም» ተባለ። አንድ ሲን አንድ ጥቅም ስትሰሩ እንዲህ ያለ ውሸት ይጋለጣል፣ ዝርዝር ውስጥ ግን ተደብቆ ያልፋል።

«ስክሪፕት ማለት የሚነገረው ጽሁፍ ነው»

ወረቀቱን ለሁለት ክፈሉት፣ በግራ ምስል፣ በቀኝ ድምፅ፣ መጀመሪያ የሚጻፈው የግራው ነው። ከዛ የቀኙን በእጃችሁ ሸፍናችሁ የግራውን ብቻ እቃውን ለማያውቅ ሰው አንብቡለትና «ምን ተረዳህ?» በሉት። ብዙ ሰው ድምፅ አጥፍቶ ነው የሚያየው፣ ስለዚ ይሄ ፈተና እውነተኛው ሁኔታ ነው። የላፕቶፑ ሲን እዚ ጋ ወደቀ። ምስሉ «ላፕቶፕ ኪሱ ውስጥ ይገባል» ነበር፣ ይሄማ የትኛውም ቦርሳ ውስጥ ይገባል። የኛው ልዩነት ኪሱ ከቦርሳው ወለል ከፍ ብሎ መሰፋቱ ነው፣ እንዲህ ተስተካከለ፦ ሁለት ጣት ከኪሱ ስር ገብቶ ክፍተቱን ያሳያል፣ ከዛ ቦርሳው መሬት ላይ ዷ ብሎ ይቀመጣል። ድምፅ፦ «ስታስቀምጠው ላፕቶፑ መሬት አይመታም።» ከጠረጴዛ ቢወድቅስ? እሱን ስላልሞከርነው አልተናገርንም።

ሰከንዱን ደግሞ እጃችሁ እየሰራ፣ ጮክ ብላችሁ በስልክ ለኩት፣ በልብ ሲነበብ ሁሌም ያጥራል። እኔ ሳልጣደፍ በ5 ሰከንድ ስምንት ወይ ዘጠኝ ቃል ነው የሚወጣኝ።

«መጀመሪያ ሎጎ፣ ከዛ ሰላምታ፣ ከዛ እቃው»

ሎጎው መጨረሻ ላይ፣ እንዴት ይታዘዛል ከሚለው ጋር ይግባ። ቪዲዮው ሶፍቱ ሲገባ ይጀምር፣ በቃ።

«ድብቅ ኪሱንማ አናሳየው፣ ሌባውም ያያላ!»

ይቺ የጓደኛዬ ናት፣ በጣም ነው የሳቅኩት፣ ግን ጥያቄዋ ሲኑን ሰራልን። የኪሱ ጥቅም ሰው አለማወቁ አይደለም፣ ዚፑ ጀርባ ላይ ተለጥፎ መዋሉ ነው። እና ሲኑ ላይ ከኋላ የቆመ ሰው የውጪ ዚፖቹን አንድ በአንድ ይከፍታል፣ ባዶ። ባለቤቱ ዞሮ ያየዋል፣ ቦርሳውን ከትከሻው ያወርድና ጀርባውን ከሚነካው በኩል ዋሌቱን ያወጣል። ድምፅ የለውም፣ አላስፈለገውም።