ዓላማን በሚታይ ግስ መጻፍ፦ የዱላ ቅብብል ምዕራፍ በደሴ ሜዳ

የትምህርት ዓላማን በሚታይ ግስ መጻፍ ማለት፣ ተማሪው በትምህርቱ መጨረሻ ምን ሲያደርግ እንደምናይ አስቀድሞ ቆርጦ መጻፍ ነው። ምዘናን ከዓላማ ጋር ማጣጣም ደግሞ፣ በፈተናው ቀን ያንኑ ተግባር አይቶ ማርክ መስጠት ነው። ሁለቱ ሲነጣጠሉ ጉዳቱ በስፖርት ክፍለ ጊዜ ቶሎ ይታያል፤ ያስተማርነው ሌላ፣ የመዘንነው ሌላ ሆኖ ይገኛል።

ደሴ ላይ ጎልቶ የሚታየው ምሳሌ ዱላ ቅብብል ነው። መምህሩ ለሳምንታት አቀባበል ያስተምራል። እጅ እንዴት እንደሚዘረጋ፣ መቼ እንደሚነሱ ያሳያል። ፈተናው ሲደርስ ግን ፊሽካ ነፍቶ ልጆቹን ያስሮጣል፣ ሰዓት ይይዛል፣ የቀደመው ቡድን ከ10 አሥር ያገኛል። እኔም እንዲህ አድርጌ ማርክ ሰጥቻለሁ። ያኔ የለካሁት ልጆቹ ይዘውት የመጡትን እግር ነው። ቁልቁለትና ዳገት እየሮጠ ትምህርት ቤት የሚደርስ ልጅ፣ ዱላውን ሁለቴ ቢጥልም ቡድኑን ያስቀድማል። ያስተማርኩትን አቀባበል በደንብ የያዘችው ልጅ ደግሞ ቡድኗ ዘገምተኛ ስለሆነ ብቻ ከ10 አምስት ተሰጣት።

ጥፋቱ የጀመረው ከዕቅዱ ነው። ዕቅዱ ላይ የሰፈረው ዓላማ «ተማሪዎች የዱላ ቅብብልን ክህሎት ይገነዘባሉ» የሚል ነበር። «ይገነዘባሉ» ለዓይን የማይታይ ነገር ነው። በፈተናው ቀን ምን እንደምፈልግ ስላልነገረኝ፣ ለመለካት የቀለለውን ሰዓት ያዝኩ።

የአማርኛ ግሶች እዚህ ላይ የራሳቸው ወጥመድ አላቸው። የመጀመሪያው «ማስ» ነው። «ማስገንዘብ»፣ «ማስጨበጥ»፣ «ማስተዋወቅ» ብለን ዓላማ ስንጽፍ የግሱ ባለቤት መምህሩ ይሆናል። መምህሩ ካስተዋወቀ ዓላማው ተሳካ፤ ልጁ ሜዳ ዳር ቆሞ ቢያንቀላፋም ተሳክቷል። ሁለተኛው «ይለማመዳሉ» ነው። የሚታይ ተግባር መሆኑ እውነት ነው፤ ግን ልምምድ የትምህርቱ መንገድ እንጂ መድረሻው አይደለም። ሦስተኛውና አታላዩ «ያሳያሉ» ነው። «የቅብብል ክህሎት ያሳያሉ» ሲባል የሚታይ ይመስላል። ምኑ ሲታይ ነው ክህሎት የሚባለው ብለን ብንጠይቅ ግን ዓረፍተ ነገሩ መልስ የለውም። «ማቀበል ይችላሉ» የሚለውም ከዚህ ይመደባል፤ መቻል ውስጥ ያለ ነገር ነው። «ያቀብላሉ» ቢባል ግሱ አጭር ይሆናል፣ ተግባሩም ይታያል።

ግሱ ብቻውን ግን አይበቃም። አሜሪካዊው ሮበርት ሜገር በ1962 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀው አጻጻፍ ለአንድ ዓላማ ሦስት ነገር ይጠይቃል፦ ተግባሩ፣ ተግባሩ የሚፈጸምበት ሁኔታ፣ እና ይበቃል የሚባልበት ደረጃ። በስፖርት ትምህርት ብዙ ጊዜ የሚረሳው ሁኔታው ነው። ዱላን ቆሞ መቀበልና እየሮጡ መቀበል የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ።

አሁን አንድ ምዕራፍ ከነዝርዝሩ እንሥራ። ደሴ ውስጥ ያለ የ7ኛ ክፍል እንበል። ተማሪዎቹ 56 ናቸው፣ ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ነው፣ ለምዕራፉ የተመደበው 6 ክፍለ ጊዜ ነው። ከተማዋ በጦሳ ተራራ ግርጌ ተዳፋት ላይ የተቀመጠች ስለሆነች ሰፊ ደልዳላ ሜዳ ያለው ትምህርት ቤት እንደ ልብ አይገኝም። ስለዚህ ያለን 60 ሜትር ገደማ ደልዳላ ቦታ ነው እንበል። በይፋዊ ውድድር የ4 በ100 የቅብብል ክልል 30 ሜትር ነው። እስከ 2017 እ.ኤ.አ. ድረስ 20 ሜትር ነበር፤ ከክልሉ በፊት ደግሞ ተቀባዩ መንደርደሪያ 10 ሜትር ነበረው። ለእኛ ሜዳ 20 ሜትር ክልል ይበቃል። አቀባዩ 20 ሜትር ሮጦ ይገባል፣ ተቀባዩ ከክልሉ ወጥቶ ለማብረድ 20 ሜትር ይተርፈዋል። መስመሩን በኖራ ማስመር ይቻላል። ዱላውም ችግር አይደለም። የውድድር ዱላ ርዝመቱ ከ28 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ከባህር ዛፍ ወይም ከፕላስቲክ ቱቦ በዚያው ልክ ይቆረጣል።

ዋናው ዓላማ እንዲህ ይጻፋል፦ «በምዕራፉ መጨረሻ እያንዳንዱ ተማሪ፣ 20 ሜትር በፍጥነት ሮጦ ከሚደርስ ጓደኛው፣ በ20 ሜትሩ ክልል ውስጥ፣ ከተነሳ በኋላ ወደ ኋላ ሳይመለከትና ሩጫውን ሳያቆም፣ ከ3 ሙከራ ቢያንስ በ2ቱ ዱላውን ይቀበላል።» ረዘም ብሏል። ግን በፈተናው ቀን መምህሩ የት ቆሞ ምን እንደሚያይ በውስጡ አለ። የልጁ ፍጥነት በየትኛውም ቦታ አልገባም።

ከዚህ ዓረፍተ ነገር የመከታተያ ቅጹ በቀጥታ ይወጣል። ለተቀባዩ ሦስት ሣጥን አለ። አቀባዩ መሬት ላይ ያለው ምልክት ጋ ሲደርስ ይነሳል፤ እጁን ወደ ኋላ ዘርግቶ መዳፉን ከፍቶ ፊት ለፊት እያየ ይሮጣል፤ ሳይቆም በክልሉ ውስጥ ዱላውን ይጨብጣል። ለአቀባዩ ሁለት ሣጥን ይበቃል። «ያዝ!» ብሎ ይጣራል፤ ተቀባዩ እስኪጨብጥ ድረስ ዱላውን አይለቅም። አለ ወይስ የለም ብቻ ነው የሚሞላው። «ጥሩ»፣ «በጣም ጥሩ» የሚሉት ለሁለት ሰው አንድ ትርጉም ስለሌላቸው እዚህ አይገቡም። ክልሉን በተመለከተ አንድ ማስታወሻ አለ፤ በደንቡ የሚፈርደው የሯጩ እግር ሳይሆን ዱላው ያለበት ቦታ ነው። ስለዚህ በክልሉ መጨረሻ መስመር ላይ አንድ ተማሪ ይቁም፤ ዓይኑም ዱላው ላይ ይሁን።

አሁን ሰዓቱን እናስላ። ብዙ ቆንጆ ዕቅድ የሚወድቀው እዚህ ነው። 56 ተማሪ ማለት 28 ጥንድ ነው። በየጥንዱ ሁለቱም ተራ በተራ መቀበል ስላለባቸው 56 ሩጫ ይሆናል። ለአንዱ 30 ሰከንድ ቢወስድ 28 ደቂቃ ነው። ስም ጥሪና ማሟሟቂያ 10 ደቂቃ ቢበላ፣ በአንድ ክፍለ ጊዜ የሚቻለው አንድ ሙከራ ብቻ ነው። ሦስቱን ሙከራ በመጨረሻው ቀን ላድርግ ያለ መምህር ከክፍሉ ከግማሽ በላይ የሚሆነውን ሳያይ ደወል ይደወልበታል። ያላያቸውንም በግምት ይሞላል።

ስለዚህ ሙከራዎቹ በ4ኛው፣ በ5ኛውና በ6ኛው ክፍለ ጊዜ ይከፋፈላሉ። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ክፍለ ጊዜዎች ለትምህርቱ ይሆናሉ። በ1ኛው እየተራመዱ፣ በ2ኛው በዝግታ እየሮጡ ይቀባበላሉ፣ በ3ኛው ምልክት ማስቀመጥ ይማራሉ። አከፋፈሉ ሌላም ጥቅም አለው። ወሎ በልግ የሚዘንብበት አገር ነው፤ አንዱ ቀን ሜዳው ጭቃ ቢሆን ምዘናው በሙሉ አይበላሽም። መምህሩ በየሩጫው ተቀባዩን ብቻ ያያል። የአቀባዩን ሁለት ሣጥን ተራ የሚጠብቅ ተማሪ ይሞላል። አምስቱን ሣጥን በአንድ ዓይን፣ በሦስት ሰከንድ ውስጥ ማየት አይቻልም።

የቅብብል ምዘና የራሱ አስቸጋሪ ጎንም አለው። አንድ ልጅ የሚያልፈው ወይም የሚወድቀው ከጓደኛው ጋር ነው። አቀባዩ ዱላውን ቶሎ ከለቀቀው የተቀባዩ ሦስተኛ ሣጥን ባዶ ይቀራል፤ ልጁ ግን አላጠፋም። ለዚህ ነው በየሙከራው ጥንዱን መቀየር የሚያስፈልገው። በሦስት ቀን ከሦስት የተለያዩ ጓደኞች ጋር የሮጠ ልጅ ሁለቴ ካልተሳካለት፣ ችግሩ የእሱ ነው ለማለት ያስደፍራል። እንዲያም ሆኖ ግልጽ የአቀባይ ስህተት ከታየ ሩጫውን መድገም ይገባል።

የጽሑፍ ጥያቄውም ከዚሁ ዓላማ ጋር መሄድ አለበት። «ዱላ ቅብብል ስንት ሯጭ ይሳተፍበታል?» የሚል ጥያቄ ማርክ ይሰጣል እንጂ የተማሩትን አይነካም። በ3ኛው ክፍለ ጊዜ ልጆቹ የተማሩት ከተቀባዩ ኋላ ምልክት ማድረግን ነው። ምልክቱን በጫማ ቆጥረው ያስቀምጡታል፤ ለጀማሪ 15 ጫማ ያህል ይበቃል፣ ከዚያ እየተሞከረ ይስተካከላል። ስለዚህ ዓላማው «ተማሪው ምልክቱን ወዴት ማንቀሳቀስ እንዳለበት ከነምክንያቱ ይናገራል» ይላል። ጥያቄውም እንዲህ ይሆናል፦ «አቀባይዋ ገና ክልሉ መጀመሪያ ላይ ተቀባይዋን ደርሳ ልትረግጣት ነበር። ምልክቱን ወዴት ትወስዱታላችሁ? ለምን?» መልሱ ምልክቱን ከተቀባይዋ ማራቅ ነው። ቀድማ ትነሳለች፣ ጓደኛዋ ስትደርስ ፍጥነት ይዛ ትቆያለች። አቀባይዋ ልትደርስባት ካልቻለች ደግሞ ምልክቱ ይቀርባል።

ከሌላ ቦታ የተቀዳ የማለፊያ ልክም ሌላው መዘዝ ነው። ኮምቦልቻ ከደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ብትርቅ ነው። ኮምቦልቻ ግን 1,850 ሜትር፣ ደሴ ደግሞ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናቸው። በረጅም ሩጫ ምዕራፍ ኮምቦልቻ ላይ የተሞከረ የደቂቃ ልክ እንዳለ ወደ ደሴ ቢመጣ፣ ሁኔታው ተቀይሮ ደረጃው ሳይቀየር ቀረ ማለት ነው። ቅብብሉ ላይ ይህ ችግር የሌለው ልኩ በደቂቃ ስላልተጻፈ ነው።

«የቡድን ሥራን ያደንቃሉ» የሚለውስ? አድናቆት አይታይም። ዱላ ሲወድቅ ግን የሚሆነው ይታያል። ደንቡ የጣለው ሯጭ ራሱ ያንሳ ይላል። «ዱላ የጣለው ተማሪ አንስቶ ሩጫውን ይጨርሳል፤ ጓደኞቹ አይሰድቡትም» ብሎ መጻፍ ይቻላል። እኔ ግን ይህን በማርክ አልለካውም። ልጅ ለማርክ ብሎ ዝም ሲል ያየነው ዝምታውን ነው። ማስታወሻ ይዞ ማነጋገር ይሻላል።

ዓላማውና ምዘናው መግጠማቸውን ለማወቅ ቀላል መንገድ አለ። ቅጹን ብቻ ለሌላ የስፖርት መምህር ስጡትና ዓላማውን ይገምት። ዓላማችሁን በቀረበ ቃል ከተናገረ ገጥመዋል። ሁለተኛው፣ ሁለታችሁ ጎን ለጎን ቆማችሁ 10 ሩጫ ለየብቻ ሙሉ። ሁለተኛው ሣጥን ላይ በ4ቱ ከተለያያችሁ ጥፋቱ የዓይናችሁ ላይሆን ይችላል። «እጁን ወደ ኋላ ዘርግቶ» የሚለው እስከ የት እንደሆነ አልተነገረም። «እጁ ከወገብ ከፍ ብሎ» ብላችሁ አስተካክሉና እንደገና ሞክሩ።

ከ4ኛው ክፍለ ጊዜ በኋላ ቅጹን ወደ ታች አንብቡት። ከ56ቱ የ30ው የመጀመሪያ ሣጥን ባዶ ከሆነ፣ ልጆቹ የሚነሱት ምልክቱን አይተው ሳይሆን ጩኸት ሰምተው ነው። 5ኛው ክፍለ ጊዜ ከምልክቱ ይጀምራል፦ ዱላ ሳይያዝ፣ አቀባዩ እየሮጠ፣ ተቀባዩ መነሳትን ብቻ እየተለማመደ።